እስክንድርን ያጠቆረው ማን ነው?

ጥያቄ፦ «አፔሌስ የሳለው የታላቁ እስክንድር ሥዕል ጠፍቷል። የጥንት ጸሐፊዎች የተዉልንን መግለጫ ይዘን ቀለሙ ልክ ነበር፣ መልኩም ይመስለው ነበር፣ አሣሣሉም ግሩም ነበር ማለት እንችላለን?»

ሰዓሊው፦ እንዴታ! ሥዕሉ በኤፌሶን በአርጤምስ ቤተ መቅደስ ነበር፤ እስክንድር መብረቅ ጨብጧል። ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ ጣቶቹ ወደ ፊት የወጡ፣ መብረቁም ከሰሌዳው ውጭ ያለ ይመስል እንደነበር ጽፏል። የተከፈለውም በጥንቱ ሚዛን 20 ታላንት ወርቅ ነው። የእስክንድርን ታሪክ የጻፈው ግሪካዊው ፕሉታርክ ደግሞ ጉድለቱን አልደበቀም፤ ንጉሡ ቀላ ያለ ነጭ ሆኖ ሳለ አፔሌስ አጠቆረው ይላል። እንግዲህ ቀለሙ ስቷል፣ እጁ ግን የተዋጣለት ነው። እኔ ራሴ የአንድ ሟች አባት ምስል ልጆቹ በነገሩኝ ብቻ ስያለሁ። ሲያዩት አለቀሱ።

የታሪክ መምህርቷ፦ ልጆቹ እኮ አባታቸውን ያውቁታል። ሥዕልዎን ያስተያዩት ከሚያስታውሱት ፊት ጋር ነው እንጂ ከነገሩዎት ቃል ጋር አይደለም። እኛ ፊቱም ሥዕሉም የለንም። ፕሉታርክም የጻፈው ንጉሡ ከሞተ ከ400 ዓመት በኋላ ነው፤ የቆዳውን ቀለም ሲነግረን «ይባላል» ብሎ ነው።

ጥቁረቱስ ከየት መጣ? አፔሌስ ሥራውን ሲጨርስ እጅግ ስስ ጥቁር ቅብ ያለብሰው እንደነበር የነገረን ያው ፕሊኒ ነው፤ ቀርቦ ላላየው የማይታወቅ፣ ደማቁን ቀለም የሚያለዝብ። ስለዚህ የጠቆረው የቆዳው ቀለም ራሱ፣ ወይም ይህ ቅብ፣ ወይም የዘመናት ጢስና አቧራ ሊሆን ይችላል። ሰሌዳው ቢኖር ከጫፉ ቅንጣት ወስደን፣ ጎኗን በማጉያ መነጽር አይተን፣ የትኛው ንብርብር እንዳጠቆረው በለየን ነበር። ከፕሉታርክ ዓረፍተ ነገር ምን ቅንጣት ይወሰዳል?

ሰዓሊው፦ አፔሌስ በአራት ቀለም ብቻ ይሠራ እንደነበርም ፕሊኒ ነግሮናል፦ የሜሎስ ነጭ፣ የአቲካ ቢጫ፣ የሲኖፔ ቀይ፣ ጥቁር። ስጡኝና ቆዳውን ደባልቄ ላሳይዎት።

መምህርቷ፦ ቆዳማ ይወጣል። ከቀዩ ምን ያህል፣ ከነጩ ምን ያህል እንደሚገባ ግን የጻፈ የለም፤ ከእነዚያው አራቱ ጠይምም ቀይም ሰው ይወጣል። ሮማዊው ተናጋሪ ሲሴሮ ደግሞ አራቱን ቀለሞች ከአፔሌስ ለቀደሙት ሰዓሊዎች ለዜውክሲስና ለፖሊግኖተስ ሰጥቶ አፔሌስን ከሌሎች ጋር ለይቶ ያስቀምጠዋል።

ሰዓሊው፦ ጥራቱንስ? 20 ታላንት በከንቱ አይከፈልም።

መምህርቷ፦ ከፋዩ ስለማን ሥዕል እንደከፈለ አይርሱ! የጣቶቹ ውዳሴም ቢሆን አንድ ተመልካች መደነቁን ነው የሚነግረን፤ ከእርስዎ ጣት ይበልጥ ይሁን ያንስ አይነግረንም። የዘመኑ ቀራፂ ሊሲፖስ እንኳ የነቀፈው መብረቁን ነው፤ ጦር መያዝ ነበረበት ባይ ነው። ይህ ስለ ሐሳቡ እንጂ ስለ ብሩሹ አይደለም። ንጉሡ ምን እንደያዘና ሥዕሉ የት እንደነበር ግን እቀበልዎታለሁ፤ ይህን ቃል በሚገባ ይይዛል።

ሰዓሊው፦ በጥንቷ የሮማውያን ከተማ በፖምፔይ፣ የቬቲዎች ቤት በሚባለው ግድግዳ ላይ መብረቅ የያዘ ሥዕል አለ፤ ከአፔሌስ ሥዕል የተቀዳ ነው የሚሉ አሉ። እርሱን ማየት ይከለከላል?

መምህርቷ፦ ይዩት እንጂ። ቀጂው ቀለሙን እንደነበረ ይጠብቅ፣ ለግድግዳው ሲል ያደምቀው፣ በምን ያውቃሉ?

ሰዓሊው፦ እኔ አሁንም ከፕሉታርክ ጋር ነኝ።