አንሶላው አይደለም የከሰረው

«ሁለቱም ማሽን ላይ እኩል ሰዓት ከወሰዱ ወጪያቸውም እኩል ነው። አንሶላው እያከሰረን ስለሆነ እናቁመው። ያ ሁሉ ቆጠራ የፈረንጅ ቅንጦት ነው።»

የትኛው ምርት ምን ያህል የጋራ ወጪ እንደሚያስወጣ በየሥራው ይቆጠር ሲባሉ ይህን ያሉት ኮምቦልቻ ያለ አንድ የልብስ ስፌት ድርጅት ኃላፊ ናቸው። የድርጅቱን ስም አልጠራም። ሒሳቡን ግን አይቼዋለሁ፤ አንጀቴን ነው ያቃጠለው።

«የፈረንጅ ቅንጦት» ከሚለው ልጀምር። ደሴ ውስጥ የትኛውም ወፍጮ ቤት ግቡ። አንዷ እናት አንድ ኩንታል ጤፍ ይዛለች፤ ሌላዋ ሦስት ኪሎ በርበሬ። በርበሬው ከተፈጨ በኋላ ወፍጮው ካልተጠረገ ቀጥሎ የሚገባው ጤፍ ያቃጥላል። ጠረጋው ደግሞ በርበሬው ሦስት ኪሎም ሆነ ሠላሳ ያው ነው። ባለወፍጮው የጠረጋውን ድካም በኪሎ አከፋፍሎ በጤፏ ባለቤት ላይ ቢጭን ደንበኛዋ በማግስቱ ሌላ ወፍጮ ቤት ትሄዳለች። የበርበሬና የጤፍ ማስፈጫ ዋጋ የሚለያየው ለዚህ ጭምር ነው። ባለወፍጮው ይህን ለማወቅ ፈረንጅ አልጠበቀም። የሒሳብ አያያዝ ምሁራኑ ሮቢን ኩፐርና ሮበርት ካፕላን በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ፋብሪካዎች ውስጥ ያዩት ይህንኑ ነው። በብዛት የሚመረተው ዕቃ በጥቂቱ የሚመረተውን ዕዳ ተሸክሞ አገኙት።

አሁን ወደ ድርጅቱ። ቁጥሮቹን ለማስላት እንዲመቹ አጠጋግቻቸዋለሁ። በወር 9,500 አንሶላና 500 የሆቴል አርማ ያለበት የጠረጴዛ ልብስ ይሰፋል። እያንዳንዱ ማሽን ላይ ግማሽ ሰዓት ይወስዳል። ከጨርቅና ከሰፊ ደሞዝ ውጭ ያለው የጋራ ወጪ 1,000,000 ብር ነው። ኃላፊው ይህን ለ10,000 አካፈሉትና ለእያንዳንዱ 100 ብር ደረሰው። አንሶላው ጨርቅና ሰፊው 400 ብር ነው፤ 100 ሲጨመርበት 500 ሆነ። የሚሸጠው በ480 ነው። «ከሰረ» ተባለ። የጠረጴዛው ልብስ 450 እና 100፣ 550 ሆነ። የሚሸጠው በ900 ነው። «ጀግና» ተባለ።

አንድ ሚሊዮኑ ግን አንድ ዓይነት ወጪ አይደለም። በሦስት ቋት እንክፈለው። 400,000ው መብራት፣ የማሽን እርጅናና ጥገና ነው። ይህ በእርግጥም በሰዓት ይሄዳል፤ ለእያንዳንዱ 40 ብር ይደርሰዋል። 360,000ው ግን የሚወጣው ክርና ንድፍ በተቀየረ፣ ማሽን በተስተካከለ ቁጥር ነው። በወር 30 ጊዜ ይስተካከላል፤ አንዱ 12,000 ብር ማለት ነው። 10ሩ ለአንሶላ፣ 20ው ለጠረጴዛ ልብስ ነው። ቀሪው 240,000 ትዕዛዝ መቀበያ ነው፦ ስልኩ፣ ናሙናው፣ ደረሰኙ፣ ጭነቱ። ከ40 ትዕዛዝ 10ሩ የአንሶላ፣ 30ው ከደሴና ከላሊበላ ሆቴሎች የሚመጣ ነው። አንዱ 6,000 ብር ይወስዳል።

አሁን ደምሩት። አንሶላው ከጋራው ወጪ የሚወስደው በጠቅላላ 560,000 ብር ነው፤ ለአንዱ 59 ብር ገደማ። የጠረጴዛው ልብስ 440,000 ይወስዳል፤ ለአንዱ 880 ብር! 100 ተብሎ የነበረው ማለት ነው። ስለዚህ አንሶላው በእያንዳንዱ 21 ብር ያተርፋል፤ «ጀግናው» በእያንዳንዱ 430 ብር ያከስራል። የድርጅቱ የወር ውጤት በሁለቱም ስሌት ያው 15,000 ብር ኪሳራ ነው። የተለወጠው ማን እንዳከሰረ ማወቃችን ነው። አንሶላው ቢቆም ደግሞ የማሽን አስተካካዩ ደሞዝና የማሽኑ እርጅና አብረው አይቆሙም፤ 500ዎቹ ላይ ይወድቃሉ።

ኃላፊው ይህን ለማየት ስሌት እንኳ አያስፈልጋቸውም ነበር። ተራውን አንሶላ ተፎካካሪዎች ከድርጅቱ ባነሰ ዋጋ እየሸጡ ነው። የልዩው የጠረጴዛ ልብስ ዋጋ ግን ቢጨምርም የሚያጉረመርም ሆቴል የለም። ይህ ሲታይ መጠርጠር ያለበት ስሌቱ ነው።

አንድ ነገር እቀበላለሁ። የጠረጴዛው ልብስ ነገ ቢቆም 440,000ው ነገ አይተርፍም። ማሽን የሚያስተካክለው ባለሙያ ደሞዙን ይቀበላል። የሚተርፈው እሱ ሌላ ሥራ ሲያገኝ ነው። ይህም ቢሆን አንሶላውን ለመዝጋት ምክንያት አይሆንም።

«ቆጠራው ይከብዳል» የሚለውንም አልሰማም። ማሽን በተስተካከለ ቁጥር ለማን እንደሆነ አንድ መስመር መጻፍ ነው። ለዚህ 50 ሣንቲም የማይበልጥ ቀለም ይበቃል። አሁን አንድ ጊዜ ሲስተካከል የሚሰፋው 25 የጠረጴዛ ልብስ ነው፤ ለእያንዳንዱ 480 ብር ማለት ነው። ሆቴሉ መቶ የጠረጴዛ ልብስ ባንድ ጊዜ እንዲያዝዝ ቢጠየቅ ይህ ወደ 120 ይወርዳል። ባይፈልግ ደግሞ የማስተካከያውን ዋጋ ለብቻ ይክፈል። አንሶላ የሚሰፉት ሴቶች ከሥራ ከመሰናበታቸው በፊት ለሆቴሎቹ መደወል ይቻላል፤ ስልኩ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ነው።