ቀሚሱ አልቋል፣ ዶላሩስ በየት ይግባ?

የሐበሻ ቀሚስ በኢንተርኔት ገጽ ውጭ አገር ላለች ገዢ ለሚሸጥ፣ ሸምኖ፣ ጥለቱን አስውቦ መጨረስ ቀላሉ ነው! ፔይፓል በኢትዮጵያ አካውንት መክፈል እንጂ መቀበል አያስችልም። ስለዚህ ሻጩ ቨርጂኒያ ያለ የአክስቱን ልጅ አካውንት ይዋሳል። የገጹ ስም ሌላ፣ የተቀባዩ ስም ሌላ ሲሆንባት ገዢዋ «ሌባ ይሆን?» ብትል ማን ይፈርድባታል? ይባስ ብሎ «ለቤተሰብ እንደምትልኪ አድርጊው» ትባላለች፤ እንዲያ የተከፈለ ደግሞ የገዢ ጥበቃ የለውም።

በግዢ መልክ ከከፈለች እስከ 180 ቀን ድረስ «አልደረሰኝም» ማለት ትችላለች። ቀሚሱ በመንገደኛ ሻንጣ ከሄደ መከታተያ ቁጥር የለውም፤ «ሰጥቻታለሁ እኮ» የሚል የቴሌግራም ድምፅም አያድንም። ገንዘቡ ከአክስት ልጅ ይቆረጣል፣ ጠቡ ለዘመድ ይተርፋል። በኢኤምኤስ ፖስታ፣ ክፍያው ላይ ወደተጻፈው አድራሻ ቢላክ ኖሮ ቁጥሩ ይከራከርለት ነበር። የፖስታውን ሒሳብ ሲሰማ ግን ሁሉም ወደ መንገደኛ!