ስክሪንሾት ለምን ይደበዝዛል? ለፎቶ የተበጀ አሠራር ጽሑፍ ላይ ሲውል

«ጋሼ፣ ይኼም እኮ ያው ፎቶ ነው። በካሜራ ያነሳሁት ጥርት ብሎ ሲደርስ ስክሪንሾቱ ለምን ይደበዝዛል?»

ስልካችን ሁለቱን በአንድ ጋለሪ ጎን ለጎን ስለሚደረድራቸው አንድ ይመስሉናል እንጂ አፈጣጠራቸው ፈጽሞ የተለያየ ነው። አያያዛቸውም ሊለያይ ይገባ ነበር፤ ነገር ግን በየመንገዱ የሚያልፉባቸው መተግበሪያዎችና የማመልከቻ ቅጾች ስክሪንሾቱን እንደ ፎቶ ቆጥረው ስለሚያስተናግዱት የሚጎዳው እሱ ይሆናል። ጥያቄውን ያቀረበችልኝ በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አጠገብ ወዳለችው የኮፒና የጽሕፈት ሥራ ቤቴ የመጣች ተከራይ ነበረች። የስድስት ወር ኪራይ ተከፍሏል፣ አልተከፈለም በሚል ከአከራይዋ ጋር ተካርረው ጉዳያቸው በሽማግሌ ተይዟል። ኪራዩን በየወሩ የምትልከው በባንክ መተግበሪያ ስለነበር፣ የዝውውሮቹን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ ረዥም ስክሪንሾት አድርጋ አነሳችው። ከዚያም ሁለቱ ወገኖች የፈረሙበትን የኪራይ ውል በስልኳ ካሜራ ፎቶ አነሳችና ሁለቱንም በመልእክት መላኪያ መተግበሪያ ለወንድሟ ላከች፤ ወንድሟም በዚያው መንገድ ለእኔ አስተላለፈልኝ። ውሉ ያለ ምንም ችግር ታተመ። የክፍያው ዝርዝር ግን ወረቀቱ ላይ ሲወጣ ቁጥር መሆኑ እንኳ የማይለይ ግራጫ መስመር ሆነ።

ምክንያቱን ለማወቅ የሁለቱን ፋይሎች መጠን ከፍቼ አየሁ። ውሉ 960 በ1280 ፒክስል፣ ስክሪንሾቱ ደግሞ 192 በ1280 ፒክስል ሆኖ ነበር የደረሰኝ። ሁለቱም ላይ የተፈጸመው ሕግ አንድ ነው፤ የምስሉ ረዥም ጎን ከ1280 እንዳይበልጥ ሌላው ጎን በዚያው ልክ ይነስ የሚል ነው። ይህ ሕግ ለካሜራ ፎቶ ተስማሚ ነው፤ ምክንያቱም የካሜራ ፎቶ ወርድና ቁመቱ ብዙም አይራራቅም። ውሉ መጀመሪያ 3000 በ4000 ነበርና ሲያንስም አንድ ገጽ ጽሑፍ ለማንበብ የሚበቃ ነጥብ ተርፎታል። ስክሪንሾቱ ግን ሲነሳ ወርዱ 1080፣ ቁመቱ 7200 ነበር። 7200ውን ወደ 1280 ለማውረድ ምስሉ ከአምስት ጊዜ በላይ መኮማተር ስላለበት፣ ወርዱ ከ1080 ወደ 192 ወረደ። ብዙ ዝርዝር ይይዝልኛል ብላ ያስረዘመችው ምስል፣ በርዝመቱ ምክንያት ዝርዝሩን አጣ ማለት ነው።

በስልኳ ላይ የአንድ አኀዝ ቁመት 28 ፒክስል ያህል ነበር፤ ከዚህ ሁሉ በኋላ አምስት ቀረው። 8 ቁጥርን ለመሳል ቢያንስ ሦስት አግዳሚ መስመሮችና በመካከላቸው ሁለት ክፍተቶች ያስፈልጋሉ፤ ይህ ብቻውን አምስት ረድፍ ይጨርሳል። ከአምስቱ ረድፎች አንዱ እንኳ ከጎረቤቱ ጋር ሲቀላቀል 8 ከ6፣ ከ3 ወይም ከ0 ሊለይ አይችልም። የእኛ ፊደል ደግሞ ከዚህም የባሰ ይጎዳል። ለ፣ ሉ እና ሊ የሚለያዩት በእግራቸው ላይ በምትቀጠል ትንሽ ጭረት ብቻ ስለሆነ፣ ያቺ ጭረት ከአንድ ፒክስል ስታንስ ቃሉ ይጠፋል፤ አንባቢው የሚያነበው በግምት ይሆናል።

መጠኑ መኮማተሩ አንደኛው ጉዳት ነው፤ ሁለተኛው ከአስተማመቁ፣ ማለትም ፋይሉ ትንሽ ቦታ እንዲይዝ ከሚደረግበት መንገድ፣ የሚመጣ ነው። የመልእክት መተግበሪያው ምስሉን ካሳነሰ በኋላ በJPEG ያስቀምጠዋል። JPEG በ1992 ደረጃው የወጣለት፣ በስሙም እንደተመለከተው የፎቶግራፍ ባለሙያዎች ቡድን ለፎቶ ያዘጋጀው ዘዴ ነው። ምስሉን ስምንት በስምንት ፒክስል ወደሆኑ ትናንሽ ካሬዎች ይከፍልና በእያንዳንዱ ውስጥ ቀስ እያለ የሚለወጠውን ብርሃን ጠብቆ፣ ድንገት የሚለወጠውን ይቀንሳል። ፊት፣ ሰማይ ወይም ግድግዳ ቀስ እያለ ከብርሃን ወደ ጥላ ስለሚሻገር የተቀነሰው ለዓይናችን አይታወቅም። ጽሑፍ ግን ሁለመናው ድንገተኛ ለውጥ ነው፤ ከነጭ ወደ ጥቁር፣ ከጥቁር ወደ ነጭ በአንድ ፒክስል ይዘላል። ስለዚህ JPEG ከጽሑፍ ላይ የሚቀንሰው ዋናውን ነገር ሆኖ ይገኛል። ምልክቱንም በቀላሉ ማየት ይቻላል፤ ምስሉን አጉልታችሁ ስትመለከቱ በፊደሎቹ ዙሪያ ነጩ ላይ የተበተነ ቆሻሻ የመሰለ ጥላ ካለ ጉዳቱ ከአስተማመቁ የመጣ ነው። ፊደሎቹ ራሳቸው ወፍራምና ጭጋግ የለበሱ ከሆኑ ደግሞ ምስሉ ተኮማትሯል። በዚህች እህት ፋይል ላይ ሁለቱም ነበሩ፤ በሁለት እጅ ሲያልፍ ሁለት ጊዜ ታምቆ ከሆነ ደግሞ ጥላው ይባባሳል።

ለስክሪንሾት የሚስማማው ሌላ ዘዴ ነው። PNG በ1996 ሲወጣ ዋና ባሕርዩ ከምስሉ ውስጥ አንድም ፒክስል ሳይጥል ማመቁ ነበር። እያንዳንዱን ፒክስል ከጎረቤቱ ያነጻጽራል፤ ተመሳሳይ ሆኖ ሲያገኘው ደግሞ መጻፍ ትቶ መደጋገሙን ብቻ ይመዘግባል። የመተግበሪያ ገጽ አብዛኛው ነጭ ወይም አንድ ወጥ ቀለም ስለሆነ ይህ ዘዴ በጣም ይቀናዋል። የካሜራ ፎቶ ግን በዚህ ዘዴ ሲቀመጥ በጣም ይገዝፋል፤ ሌንሱ ያየው ነጭ ግድግዳ እንኳ በሴንሰሩ ጥቃቅን መዋዠቅ የተነሳ ሁለት ጎረቤት ፒክስሎቹ አንድ ዓይነት ስለማይሆኑ የሚደጋገም ነገር አይገኝበትም። አብዛኞቹ ስልኮች ስክሪንሾትን በPNG፣ የካሜራ ፎቶን በJPEG የሚያስቀምጡት በዚህ ምክንያት ነው፤ አንዳንዶቹ ግን ስክሪንሾቱንም በJPEG ያስቀምጣሉና ወደ ስልኩ ማስተካከያ ገብቶ መለወጥ ይሻላል። ስልኩ ራሱ ልዩነቱን አውቆ እየለያቸው ሳለ፣ ቀጥሎ ያለው መተግበሪያ ሳይጠይቅ አንድ ማድረጉ ለእኔ ተገቢ ሆኖ አልታየኝም። የተቀባዩን የኢንተርኔት ወጪ ለመቆጠብ ነው ቢባል፣ ንጹሕ ስክሪንሾት ከፎቶ ይልቅ ቀላል ስለሆነ ምክንያቱ አይጸናም። የተከራይዋ ሙሉ ፋይል በኋላ ሲገኝ አንድ ሜጋባይት እንኳ አልሞላም፤ የውሉ ፎቶ ግን ከስልኳ ላይ አራት ሜጋባይት ያህል ነበር።

ወንድሟ «በኮምፒዩተር አጥራው» አለኝ። ይህን ብዙ ደንበኞች ይጠይቁኛል፤ በገንዘብ ማስረጃ ላይ ግን ማድረግ የለብኝም ብዬ አምናለሁ። በዝርዝሩ ላይ ያሉት የዝውውር ቁጥሮች በFT የሚጀምሩ፣ በጠቅላላው 12 ምልክት ያላቸው ናቸው። ከFT ቀጥሎ ያሉት ሁለት አኀዞች የፈረንጆች ዓመት፣ የሚከተሉት ሦስቱ ደግሞ ከዚያ ዓመት መጀመሪያ የተቆጠረው ቀን ናቸው። ለምሳሌ 25032 ማለት የ2025 32ኛ ቀን፣ በእኛ ጥር 24 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። እስከዚህ ድረስ የደበዘዘውን ከክፍያው ቀን ተነስቶ ማወቅ ይቻላል። የመጨረሻዎቹ አምስት ምልክቶች ግን ፊደልና አኀዝ የተቀላቀሉባቸው ናቸውና ከምንም ነገር ተነስቶ መገመት አይቻልም። ማጥሪያ ፕሮግራም የጠፋውን 8 አይመልስም፤ 8 ወይም B የሚመስል ነገር ይስላል እንጂ። በባንክ ቢጣራ የማይገኝ ቁጥር በሽማግሌዎች ፊት ማቅረብ ደግሞ የከፈለችውን ሰው አታላይ ያስመስላታል።

መፍትሔው ዋናውን ፋይል ማግኘት ነበር። ስክሪንሾት በስልኩ ውስጥ ከካሜራ ፎቶዎች ተለይቶ Screenshots በሚባል ማኅደር ስለሚቀመጥ እዚያ አገኘነው። (በነገራችን ላይ በአንድሮይድ ስልክ ጉግል ፎቶስ በራሱ የሚያስቀምጥልን የካሜራውን ማኅደር ነው፤ የስክሪንሾቱን ማኅደር ራሳችን ካላበራነው ስልኩ ሲጠፋ ደረሰኞቻችን አብረው ይጠፋሉ።) በኬብል ወደ ኮምፒዩተሬ አዛወርኩት። ኬብል ባይኖር ኖሮ በቴሌግራም File፣ በዋትስአፕ Document የሚለውን መርጣ ብትልከው ሳይነካ ይደርሰኝ ነበር፤ ይህ አማራጭ ምስሉን እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ማንኛውም ሰነድ ያስተላልፈዋል።

ሕትመቱም እንደ ፎቶ ሊሆን አይገባም። ገጹን ሙሉ ያድርግ ብሎ ማዘዝ የተለመደ ነው፤ ይሁን እንጂ 1080 ፒክስል በ21 ሴንቲሜትር ወረቀት ላይ ሲዘረጋ ፊደሉ ይሻክራል። በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ብናስገባ ወርዱ 9 ሴንቲሜትር ይሆናል፤ ፊደሉም ስልኩ ላይ ከሚታየው ጥቂት ከፍ ብሎ ጥርት ይላል። 7200 ፒክስሉን እያንዳንዳቸው 2400 ያህል በሆኑ ሦስት ቁራጮች ከፈልኩት፤ መቁረጫውም በአንድ ክፍያ መካከል እንዳያልፍ ከመስመር በላይና በታች አስተካከልኩ። አንዱ ቁራጭ 20 ሴንቲሜትር ቁመት ስላለው ሁለቱ ጎን ለጎን በአንድ A4፣ ሦስተኛው በሌላ ወረቀት ወጡ።

ሌላ ስልክ አምጥቶ ስክሪኑን በካሜራ ማንሳት ይሻላል የሚሉ አሉ። አይሻልም። የስክሪኑ ነጥቦችና የካሜራው ሴንሰር ነጥቦች ሲደራረቡ ሞገድ የመሰለ ቀለም ጽሑፉ ላይ ይፈጠራል፤ የአምፖል ነጸብራቅም ይጨመርበታል። በዚህ መንገድ የተነሳ ምስል የፎቶንም የስክሪንሾትንም ድክመት ይወርሳል።

አብልጦ የሚያሳስበኝ ግን የተቋማት ልማድ ነው። ከደንበኞቼ ጋር ስሞላቸው የኖርኳቸው በርካታ የኢንተርኔት ቅጾች የክፍያ ማስረጃ የሚቀበሉት ለጉርድ ፎቶ በወጣው ደንብ ነው፤ JPG ብቻ፣ ከዚህ ኪሎባይት በታች ብቻ ይላሉ። ለጉርድ ፎቶ ይህ ጉዳት የለውም፤ ፊት በትንሹም ቢሆን ይታወቃል። ለደረሰኝ ግን አመልካቹ የግድ እንዲያበላሸው ማስገደድ ነው፤ ከዚያም «አይነበብም» ተብሎ የሚመለሰው እሱ ራሱ ነው። ቅጹን የሚያዘጋጁት ሰዎች PNG እና PDF እንዲቀበል ቢያደርጉ፣ የዝውውር ቁጥሩም በምስል ውስጥ ከሚፈለግ ለብቻው በጽሑፍ የሚሞላበት ቦታ ቢኖረው፣ ብዙ ሰው ከቱሉ ዲምቱ ድረስ ሁለት ጊዜ ባልተመላለሰ ነበር።

ተከራይዋ ሁለቱን ወረቀቶች ወስዳ ሄደች፤ ስድስቱንም የዝውውር ቁጥሮች በእጇ በሌላ ወረቀት ላይ ገልብጣ፣ ሽማግሌዎቹ ባንክ ሄደው ማጣራት ቢፈልጉ ይዘውት እንዲሄዱ አያያዘችው።