የከዚራ አሰልጣኞች ይክበሩ!

እንግሊዝ ለአሰልጣኞቿ ደመወዝ ትከፍላለች። ድሬዳዋ ግን በከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር ከገዛ ኪሳቸው እየከፈሉ የፋንታሲ ቡድን የሚያሠለጥኑ አሏት። እንዲህ ያለ የሥራ ፍቅር ከወዴት ይገኛል?

ፋንታሲ ማለት እውነተኛ ተጫዋቾችን መርጦ ሜዳ ላይ በሠሩት ልክ ነጥብ የሚሰበስቡበት ጨዋታ ነው። በነጻም አለ፤ የፕሪሚየር ሊጉ የራሱ ጨዋታ ሳንቲም አይጠይቅም። ነገር ግን በነጻ ማሰብ ለሊቅ አይመጥንም፤ የእኛዎቹ በየሳምንቱ መቶ ብር ያስይዛሉ።

ደግሞ ፍትሑ! አሥር ሰው መቶ መቶ ብር ያዋጣል እንበል። አወዳዳሪው ከሺሁ ላይ መቶዋን ቀድሞ ያነሣል፤ የቀረው 900 ብር ብዙ ነጥብ ላገኙት አምስት ሰዎች 180፣ 180 ይደርሳል። ግማሹ አሸናፊ፣ ግማሹ ተሸናፊ። ያሸነፈ 80 ብር ያተርፋል፣ የተሸነፈ መቶ ብር ያጣል። ስለዚህ ከዘጠኝ ጊዜ አምስቱን ያሸነፈ ጀግና ልክ በገባበት ገንዘብ ይወጣል። አሥሩ እየተፈራረቁ ቢሸናነፉ፣ የሊጉ 38 ሳምንት ሲያልቅ 38,000 ብር ከፍለው 34,200 ይመለስላቸዋል። 3,800ው በረኛን ከተከላካይ መለየት ለማይጠበቅበት አወዳዳሪ ምርቃት ነው።

«ይህ እኮ ዕውቀት ነው፣ ሎተሪ አይደለም» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። የተጎዳውንና የተቀጣውን ሲያጣሩ የሚያመሹ ሰዎች ናቸው። ችግሩ አሥሩም ሊቅ ከሆኑ አምስት ሊቃውንት መሸነፋቸው አይቀርም። ነጥቡ እጥፍ የሚቆጠርለት አምበል ደግሞ ተቀያሪ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ይቆይና በ89ኛው ደቂቃ ይገባል፤ አንድ ነጥብ ያመጣል፣ እጥፉም ሁለት! በጭራሽ ባይገባ ኖሮ ምክትሉ ይተካው ነበር።

እሺ፣ ከሁሉም የሚልቅ ይኑር፤ ከአሥር ጊዜ ስድስቱን የሚያሸንፍ። በአማካይ በየሳምንቱ ስምንት ብር ያተርፋል። ይህ ብርቱ ሰው እንኳ የውድድር ዘመኑን በኪሳራ የመጨረስ ዕድሉ ከሦስት አንድ ገደማ ነው፤ 38 ሳምንት ዕድልን አጣርቶ ዕውቀትን ለማስቀረት አይበቃምና። ዕውቀት ትርፉን ወደ ጥቂቶች ይገፋል እንጂ የአወዳዳሪውን መቶ ብር አይቀንስም። በአሜሪካ የ2015 የቤዝቦል ውድድር የመጀመሪያ አጋማሽ፣ በገንዘብ ፋንታሲ ከሚጫወቱት 1.3 በመቶው 91 በመቶ የሚሆነውን ትርፍ እንደወሰዱ ማኪንዚ የተባለው አማካሪ ድርጅት አስልቷል። የእኛ ሰዎች ታዲያ ሁሉም ከ1.3ቱ ወገን ናቸው፤ ጠይቁ፣ ይነግሯችኋል።

አንዱን ወዳጄን «ለመሆኑ ስንት አተረፍህ?» ብዬው ነበር። «ባለፈው ሳምንት ብቻ 180 ብር!» አለኝ ደረቱን ነፍቶ። መቶዋ የራሱ እንደነበረች ማን ደፍሮ ይነግረዋል? እኔማ ሻዩን ጋብዘኝ አልኩት።