«በሌላ በኩል» ትኑርልን!

የደብረ ብርሃን ብርድ አጥንት በሚሰብርበት ሌሊት ጋቢ ደርቤ የሁለተኛ ዓመት የሶሲዮሎጂ ተማሪዎችን ጽሑፍ ሳርም፣ ልቤን የሚያሞቀው አንድ ነገር ነው፤ የልጆቻችን ሰላም ወዳድነት። «የጥገኝነት ንድፈ ሐሳብንና የዓለም ሥርዓት ትንተናን አነጻጽሩ» ብዬ፣ ድሃ አገሮች ለምን ድሃ ሆነው እንደሚቀሩ የሚያስረዱትን እነዚህን ሁለቱን ላጋጥም ነበር። እነሱ ግን መሐል ላይ ግድግዳ ሠርተው ገላገሏቸው። ገጽ 1 እና 2 ለጥገኝነቱ ሰው ለአንድሬ ጉንደር ፍራንክ፣ ገጽ 3 እና 4 ለዓለም ሥርዓቱ ሰው ለኢማኑኤል ዋለርስቲን። ሁለቱ ጎረቤታሞች ቡና እንኳ አይጠራሩም። ግድግዳው ላይ «በሌላ በኩል» የሚል ታፔላ ተሰቅሏል።

የግድግዳውን ጥራት በመቀስ ፈተሽኩት። አንዱን ጽሑፍ «በሌላ በኩል» ላይ ቆረጥኩና የፊቱን ግማሽ ከሌላ ተማሪ የኋላ ግማሽ ጋር አጋጠምኩ። ማን ያውቃል? ባለቤቶቹም አይለዩት። የፎቶ ኮፒ ቤቷ ልጅ ለካ ይህን ከእኔ ቀድማ ደርሳበታለች፤ ፍራንክን ከአምናው፣ ዋለርስቲንን ከካቻምናው እያወጣች ታጋጥማለች። መንዝ ውስጥ ባና የሚሰፋ ሰው እንኳ ዳሩን ከዳሩ ለማስማማት ስንት ይደክማል!

መጨረሻ ላይ ደግሞ ሠንጠረዡ አለ። «ጥገኝነት፦ ሁለት እርከን፣ ማዕከልና ዳርቻ። የዓለም ሥርዓት፦ ሦስት እርከን፣ ከፊል ዳርቻ ተጨምሮበት።» ማዕከል ሀብታሞቹ፣ ዳርቻ ድሆቹ፣ ከፊል ዳርቻ መሐል ላይ ያሉት አገሮች መሆናቸው ነው። እሰይ! ሦስት ከሁለት በአንድ እንደሚበልጥ ተረጋገጠ። ሦስተኛው እርከን ለምን እንዳስፈለገ መጠየቅ ነገር መፈለግ ነው፤ ጨዋ ልጅ አይጠይቅም።

ከመሃላቸው አንዲት ነገረኛ ግን አልጠፋችም። መግቢያዋ «ከጥንት ጀምሮ የሰው ልጅ…» አይልም። በቀጥታ ደቡብ ኮሪያን ይዛ መጣች፤ የቃኘው ሻለቃ ሄዶ የተዋጋላትን፣ ያኔ ድሃ የነበረችውን አገር። «ይህች አገር ከድህነት መውጣቷን የትኛው ንድፈ ሐሳብ ያስረዳል?» አለች። በየአንቀጹ ሁለቱንም ሰዎች ለዚሁ ጥያቄ ታቆማቸዋለች።

መጀመሪያ ፍራንክን ያዘችው። ፍራንክ እ.ኤ.አ. በ1966 ባወጣው ጽሑፍ፣ ዳርቻ ያሉ አገሮች ይበልጥ የሚያድጉት ከማዕከሉ ጋር ያላቸው ትስስር ሲላላ ነው ብሎ ነበር፤ በዓለም ጦርነቶችና በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ቀውስ ጊዜ የላቲን አሜሪካ ኢንዱስትሪ እንደተነቃቃው ማለት ነው። ኮሪያ ግን የአሜሪካ እርዳታ፣ ከ1965 በኋላ የጃፓን ብድር፣ ለሸቀጧም የአሜሪካ ገበያ ነበራት። ትስስሩ ጠብቆ ሳለ አደገች። ያው አንቀጽ ሳያልቅ ዋለርስቲንን ጠራችው። እሱ ከዳርቻ ወደ ከፊል ዳርቻ መውጫ መንገዶች አሉ ይላል፤ አንዱ ማዕከሉ ራሱ ፈልጎ ሲጋብዝ ነው። በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ሰሜን ኮሪያ ፊት ለፊት የተቀመጠች አገር መጋበዟ አይገርምም፤ ግብዣው ለሁሉም ስላልሆነ ግን አንዷ መውጣቷ መሰላሉን አያፈርሰውም።

ዋለርስቲን አሸነፈ ብዬ እፎይ ስል፣ ልጅቷ ወደ እሱ ዞረች። ከሁለቱ እርከን የማይገጥም አገር ሁሉ ሦስተኛው ውስጥ ከገባ፣ ከፊል ዳርቻ መልስ መሆኑ ቀርቶ የተረፈ ዕቃ ማስቀመጫ ሊሆን ይችላል አለች። የኮሪያ መንግሥት ባንኮቹን በእጁ አድርጎ ብድሩን ለላኪ ፋብሪካዎች ማደሉንም፣ ዓይኑ ዓለም ላይ የተተከለ ትንተና በቀላሉ ያልፈዋል።

ይባስ ብላ ሠንጠረዡን አረከሰችው። «ጥገኝነት አገርን ያያል፣ የዓለም ሥርዓት ዓለምን ያያል» የምትለዋ፣ ሁላችንም ለፈተና የሸመደድናት መስመር፣ ግማሿ ብቻ እውነት ናት አለች። የፍራንክ የብዝበዛ ሰንሰለት ከዓለም ማዕከል ተነሥቶ በዋና ከተማ በኩል እስከ ገጠር ይወርዳል፤ ስለዚህ ፍራንክ ከዋለርስቲን ብዙም አይርቅም። አገር ውስጥ ገብተው የመደቦችንና የመንግሥትን ጉዳይ የሚመረምሩት ከዚያው ከጥገኝነት ሰፈር የሆኑት ካርዶሶና ፋሌቶ ናቸው። በ1969 ባሳተሙት መጽሐፍ ጥገኛ ሆኖም ማደግ እንደሚቻል ጽፈዋል። ታዲያ ኮሪያ የምትጥለው ፍራንክን እንጂ የጥገኝነትን ሰፈር በሙሉ አይደለም! አንድ ቤት ነው ብለን ግድግዳ የሠራንለት ሰፈር ውስጡም የተጣላ ኖሯል።

ማርክ ስሰጣት እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ከብርዱ ይሁን ከንዴቱ አልለየሁም። በሳምንቱ ፎቶ ኮፒ ቤት ስደርስ ያቺው የቤቷ ልጅ ያንኑ ጽሑፍ ይዛ መቀሷን ከገጽ ገጽ ታዞራለች።

«መምህር» አለችኝ ተማርራ፣ «ይሄ ከየት ነው የሚቆረጠው?»