«የትዕዛዝ ቁጥር ይላኩ» ብላችሁ አትገላገሉ

ደንበኛ አገልግሎት ላይ የምትሠሩ ወገኖቼ፣ ዛሬ የምናገረው ለእናንተ ነው። እኔም እዚያው ወንበር ላይ ዓመታት ስለቆየሁ ነገሩን አውቀዋለሁ።

«የላካችሁልኝ አይሰራም! ሌቦች!» የሚል መልእክት ይመጣል። ስም የለም፣ የትዕዛዝ ቁጥር የለም፣ ደረሰኝ የለም፣ ምኑ እንደማይሰራም አልተጻፈም። እናንተም ያቺን የተዘጋጀች መልስ ትለጥፋላችሁ፦ «የትዕዛዝ ቁጥር፣ ደረሰኝ፣ ፎቶና የችግሩን ዝርዝር ይላኩ።» ሰውየው ተናዶ ዝም ይላል። ከዚያ «ደንበኛው ምላሽ አልሰጠም» ብላችሁ ትዘጉታላችሁ። ኧረ ተዉ! ይሄ እኮ ሰውን ማባረር ነው።

መጀመሪያ ራሳችሁ ፈልጉ። መልእክቱ የመጣበት ስልክ ወይም ኢሜይል አለ አይደል? ሲስተሙ ላይ አስገቡት። ደንበኛው ያዘዘው በዚያው ቁጥር ከሆነ ትዕዛዙ ከነቀኑ ይወጣል።

ሲወጣ ደግሞ አትገምቱ። አንዴ በአንድ ቁጥር ሁለት ትዕዛዝ አገኘሁ፣ ቻርጀርና የጆሮ ማዳመጫ፣ ሁለቱም በአንድ ሳምንት የደረሱ። ቻርጀሩ ነው ብዬ ሌላ ቻርጀር ላክሁ። የተበላሸው ግን ማዳመጫው ነበር። ሴትየዋ ደውላ ስታናግረኝ ድምጿ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ እስካሁን ከጆሮዬ አልጠፋም። የጻፈችው በተመዘገበው ቁጥሯ ስለነበር «ይቅርታ እህቴ፣ ያስቸገረዎት ቻርጀሩ ነው ወይስ ማዳመጫው?» ብላት ኖሮ በአንድ ቃል ትመልስልኝ ነበር። ቀጥሎ «ጨርሶ አይበራም ወይስ በአንዱ ጆሮ ብቻ ነው የሚሰማው?» ብል ችግሩም ይታወቅ ነበር። የተናደደ ሰው ሰባት ጥያቄ አይሞላም፣ አማራጭ ከሰጣችሁት ግን ይመርጣል።

የጻፈው በማይታወቅ ቁጥር ከሆነ ግን ተጠንቀቁ። ትዕዛዙንና አድራሻውን እናንተ አታንብቡለት። ምን እንዳዘዘ፣ መቼ እንደደረሰው፣ በየትኛው ስልክ እንዳዘዘ እሱ ይንገራችሁ፣ እናንተ አመሳክሩ። ሌላ ሰው የጎረቤቱን ዕቃ እየጠየቀ ሊሆን ይችላል።

ደረሰኝ ጠፋ ማለትም ነገሩ አበቃ ማለት አይደለም። ሲከፍል ከባንክ የመጣለት መልእክት ላይ የግብይት ቁጥር አለ፣ የእሱ ስክሪንሹት ይበቃል። እሱም ከሌለ የተከፈለበት ቀንና የገንዘቡ ልክ ካለ ሒሳብ ክፍል ይፈልገዋል። ገንዘብ ስትመልሱ ግን ወደተከፈለበት ሒሳብ ብቻ ይሁን፣ «በወንድሜ አካውንት ላኩልኝ» ቢላችሁም እሺ አትበሉ።

እናንተም ቅሬታ የምትጽፉ፣ ንዴታችሁ ይገባኛል፣ ግን የዕቃውን ስምና የደረሳችሁን ቀን ስድቡ መሐል ጣል አድርጉልን።

መልስ ካልመጣ ቅሬታውን «በመጠባበቅ ላይ» አድርጉት እንጂ አትዝጉት። በማግስቱ ደውሉለት። ጽሑፍ የሚከብደው ስንት ሰው አለ! ስልክ ላይ ግን በሁለት ደቂቃ ሁሉንም ይነግራችኋል፣ የነገራችሁንም እዚያው መዝግቡት፣ ቀጥሎ ፈረቃ የሚገባው ባልደረባችሁ እንደ አዲስ እንዳይጠይቀው።