«ንጹህ ስፌት» ስንት ጥያቄ ነው?

ጠያቂዋ፣ ከኮምቦልቻ

ስድስት ሴቶች ሆነን የተማሪ ዩኒፎርም እንሰፋለን። ውላችን ላይ «ስፌቱ ንጹህና ጠንካራ ይሁን» ተብሎ ተጽፏል። አንዱ ተረካቢ ያሳለፈውን ሸሚዝ ሌላው ይመልሰዋል። ይህን ቃል «አዎ» ወይም «አይ» ተብለው በሚመለሱ ጥያቄዎች ብንከፋፍለው ይሻላል? ወይስ ሌላ ጣጣ ያመጣብናል?

ይከፋፈል የሚለው፦ ጥራት ተቆጣጣሪ፣ ከኮምቦልቻ

እህቴ፣ ከፋፍሉት። ግን ጥያቄዎቹን ቁጭ ብላችሁ ከሐሳብ አታውጡ። ከተመለሱባችሁ ሸሚዞች አውጧቸው።

አሥር የተመለሱ ሸሚዞች ጠረጴዛ ላይ ዘርጊ። በእያንዳንዱ ላይ የተመለሰበትን ምክንያት በቁራጭ ወረቀት ጽፈሽ በመርፌ ቁልፍ ያዥው። አንዱ ክር ተንጠልጥሎበታል። ሌላው ብብቱ ላይ ስፌት ዘሏል። የሌላው ኮሌታ አንዱ ጫፍ ከሌላው ይረዝማል። የአንዱ ጎን ተጨማዷል። አሁን «ንጹህ» የሚለው ቃል ውስጥ ምን ምን እንደተደበቀ በዓይንሽ ታያለሽ።

ከዚያ እያንዳንዱን ምክንያት ለብቻው ጥያቄ አድርጊው። እዚህ ላይ ሁሉም ሰው የሚሳሳተው ሁለት ነገር አለ። እኔም ተሳስቼበታለሁ።

የመጀመሪያው ሁለት ነገር በአንድ ጥያቄ ማሰር ነው። «ስፌቱ ቀጥ ያለና ያልተጨማደደ ነው?» ብዬ ጽፌ ነበር። ቀጥ ብሎ የተጨማደደ ሸሚዝ ሲመጣ አንዱ ሠራተኛ «አዎ» አለ፣ ሌላው «አይ» አለ። ሁለቱም ትክክል ነበሩ። «ና» የምትለዋን ፊደል ስታዪ ጥያቄውን ለሁለት ክፈዪው።

ሁለተኛው በአሉታ መጠየቅ ነው። «የተንጠለጠለ ክር የለም?» ስትዪ አንዷ «አዎ፣ የለም» ትላለች። ሌላዋ «አይ፣ የለም» ትላለች። ሐሳባቸው አንድ ነው፣ ወረቀቱ ላይ ግን ተቃራኒ ምልክት ይቀመጣል። «ክሮቹ በሙሉ ከ5 ሚሊ ሜትር ባጠረ ተቆርጠዋል?» ብለሽ ጻፊው። በሁሉም ጥያቄ «አዎ» ማለት ደህና ነው ማለት ይሁን።

አይከፋፈል የምትለው፦ ልብስ ሰፊ፣ ከደሴ

ልጄ፣ እኔ ደሴ ፒያሳ ከሠላሳ ዓመት በላይ መኪና ላይ ተቀምጫለሁ። ሸሚዝ በቁራጭ አይታይም። አንስተህ ትከሻው ላይ ስትይዘው ወይ ይወርዳል ወይ አይወርድም። ጨርቁ ራሱ ይነግርሃል።

የጥያቄ ወረቀት አሳሬን አሳይቶኛል። አንድ ጊዜ ለአንድ ድርጅት 60 የልጆች ሱሪ ሰፋሁ። ወረቀታቸው «የኪሱ ጥልቀት ከ14 ሴንቲ ሜትር ያላነሰ ነው?» ይላል። የእኔ 12 ነበር፤ ምክንያቱም ሱሪው የአንደኛ ክፍል ሕፃናት ነው። 14 ባደርገው ለሕፃን እጅ ይረዝማል! ተረካቢው «አይ» ላይ ምልክት አድርጎ ስድሳውንም መለሰብኝ። አስረዳሁት። «እትዬ፣ እኔ የተጻፈውን ነው የማየው» አለኝ። ዓይን ያለው ሰው ዓይኑን አሳውሮ ወረቀት ያያል። እኔ የምፈራው ይህንን ነው።

ደግሞም «ጠንካራ» የሚለውን በምን ጥያቄ ትይዘዋለህ? ጎትተህ? የእኔ ክንድና የአንተ ክንድ አንድ ነው?

ጥራት ተቆጣጣሪው

እትዬ፣ በኪሱ ነገር የተበደሉት እርስዎ ነዎት። ቁጥሩ የመጣው ከአዋቂ ሱሪ ይመስለኛል። ለዚህ ነው ከእያንዳንዱ ጥያቄ ጎን ምክንያቱ በአንድ መስመር ይጻፍ የምለው። «ኪሱ ለምን 14 ሆነ? እጅ በደንብ እንዲገባ» ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ፣ ተረካቢው የሕፃን እጅ ከ12 በላይ እንደማይፈልግ ያየው ነበር። ጥያቄውም «ኪሱ በልኩ ሠንጠረዥ ላይ ካለው ቁጥር አያንስም?» ይሆን ነበር። ይቅርታ፣ እኔም በአሉታ ጠየቅሁ። «ኪሱ በሠንጠረዡ ላይ ያለውን ቁጥር ይሞላል?» ይባል።

ስለ ጥንካሬው እውነትዎን ነው። በክንድ መጎተት አይለካም። ስለዚህ ጥንካሬን የሚሰጡትን ነገሮች እጠይቃለሁ። በጎኑ ስፌት ላይ 2.5 ሴንቲ ሜትር ለክቼ በውስጡ ያሉትን ነጠላ ስፌቶች እቆጥራለሁ። ለተራ የሸሚዝ ጨርቅ ከ10 እስከ 13 ነው? 7 ከሆነ ክፍተቱ ሰፊ ነው፣ ልጁ እጁን ሲዘረጋ ይከፈታል። 16 ከሆነ ደግሞ መርፌው ጨርቁን ስለሚበሳሳው በቀዳዳው መስመር ሊቀደድ ይችላል፤ መጨማደድም ሊጀምር ይችላል። የኪሱ አፍ ሁለት ጫፎች ላይ ስፌቱ ወደኋላ ተመልሷል? ከስፌቱ መስመር ውጭ 1 ሴንቲ ሜትር ጨርቅ ቀርቷል? እያንዳንዱ በሜትርና በዓይን ይመለሳል። የማንም ክንድ አያስፈልግም።

ልብስ ሰፊዋ

የስፌቶቹን ቁጥር ተቀብያለሁ። እኔም ልጆቹን ሳስተምር በጥፍሬ ነው የምቆጥረው። ግን ሦስቱም «አዎ» ሆነው ክሩ የበሰበሰ ቢሆንስ? ገበያ ውስጥ የከረመ ክር አለ፣ ፀሐይ የመታው። ስትሰፋበት ያምራል። በሦስተኛው እጥበት ተበጣጥሶ ይወድቃል። ወረቀትህ ግን «አዎ፣ አዎ፣ አዎ» ብሎ አሳልፎታል።

ጥራት ተቆጣጣሪው

ይህን አልክድም። የተሰፋ ሸሚዝ ላይ ቆሞ የማይመለስ ጥያቄ አለ። የክሩ ጥያቄ መምጣት ያለበት ጨርቁ ሳይቆረጥ ነው፣ ክሩ ሲገዛ። በተጨማሪ ከየመቶው ሸሚዝ አንዱን አምስት ጊዜ አጥባችሁ ስፌቱን እዩት። «ከአምስት እጥበት በኋላ ስፌቱ ሁሉ አለ?» ይህም «አዎ» ወይም «አይ» ነው። ጊዜውና ቦታው ግን ሌላ ነው።

ጠያቂዋ

እኔ ዘጠኝ ጥያቄ አወጣሁ። ስለዚህ ከዘጠኙ ስምንቱን «አዎ» ያለ ሸሚዝ ይለፍ ብለን ብንጽፍስ? ትምህርት ቤትም 50 ያመጣ ያልፍ የለ?

ጥራት ተቆጣጣሪው

እዚህ ላይ ተጠንቀቂ። ውጤት አይደመርም። የአንዱ ሸሚዝ «አይ» የተንጠለጠለ ክር ነው፤ በመቀስ በሁለት ሰከንድ ያልቃል። የሌላው «አይ» አንዱ እጅጌ ከሌላው በ2 ሴንቲ ሜትር ማጠሩ ነው። ሁለቱም «ስምንት ከዘጠኝ» ናቸው። ሁለተኛውን ግን ማንም እናት አትቀበልሽም።

ከእያንዳንዱ ጥያቄ ፊት «አይ» ከሆነ ምን እንደሚደረግ ጻፊ። ክር ከሆነ ይቆረጣል። የዘለለ ስፌት ከሆነ ተፈትቶ ይሰፋል፣ መርፌውም ይታያል፤ ስፌት የሚዘለው አብዛኛውን ጊዜ መርፌው ሲጎብጥ ወይም ሲደነዝዝ ነው። እጅጌ ከሆነ ሸሚዙ አይወጣም።

ልብስ ሰፊዋ

በዚህ እስማማለሁ። ድምር የሰነፍ ሥራ ነው።

ግን መጨማደዱን አልፈኸው ሄድክ። «ጎኑ ሳይጨማደድ ተሰፍቷል?» ብለህ ብትጠይቅ፣ ስንት ቢጨማደድ ነው «አይ»? ጥጥ ከፖሊስተር የተቀላቀለ ጨርቅ ትንሽ መሰብሰቡ አይቀርም። ክሩን ሲያጠብቁበት ደግሞ ይብስበታል። ይህን በሜትር ለካልኝ እስቲ።

ጥራት ተቆጣጣሪው

በሜትር አልለካውም። ያወቅሁትም ተሸንፌበት ነው። አንድ ጊዜ ሁለት ሠራተኞች 20 ሸሚዝ ለየብቻ እንዲያዩ አደረግሁ፣ ሳይነጋገሩ። በክሩ ጥያቄ በሃያውም ተስማሙ። በኮሌታው በ19ኙ። በመጨማደዱ ግን በ12ቱ ብቻ። ሳንቲም ወርውረው ቢመልሱም ወደ አሥር ገደማ ይገጣጠሙ ነበር። ጥፋቱ የሠራተኞቹ አይደለም፣ ጥያቄው ነው።

ይህን ሙከራ እናንተም ሥሩ። ግን ሃያውን ሸሚዝ ስትመርጪ ግማሹ ችግር ያለበት ይሁን። ሃያውም ደህና ከሆኑ ሁለቱም «አዎ፣ አዎ» ብለው ይጨርሱና የተስማሙ ይመስልሻል። ገና አልተፈተኑም።

መፍትሔ ያደረግነው ናሙና ነው። ከዚህ በላይ ከተጨማደደ አይሆንም የምንለውን አንድ ሸሚዝ ሁላችንም ተስማምተን ግድግዳ ላይ ሰቀልን። ጥያቄው «ከተሰቀለው ያነሰ ወይም እኩል ነው የተጨማደደው?» ሆነ። የሚታየው በመስኮቱ አጠገብ፣ በአንድ ክንድ ርቀት፣ ቀን ላይ ነው። ማታ በአምፖል ስር መጨማደዱ በጥላ ይጋነናል። ቀጥሎ ሃያውን ደግመን ስናይ በ18ቱ ተስማሙ።

ልብስ ሰፊዋ

አየህ፣ ተመልሰህ ወደ ዓይን መጣህ።

ጥራት ተቆጣጣሪው

መጣሁ እትዬ። ግን አሁን ሁለት ዓይኖች አንድ ነገር ነው የሚያዩት። ድሮ እያንዳንዱ በልቡ የያዘውን ሸሚዝ ነበር የሚያየው።

ልብስ ሰፊዋ

ደህና። እንግዲያው የእኔን ጥያቄ መጨረሻ ላይ ጨምሩልኝ። «ለልጅሽ ታለብሺዋለሽ?» «አይ» ካለች አይውጣ። ዘጠኙን ሁሉ አልፎ አንገቱ ላይ የሚቆም ኮሌታ አይቻለሁ። ሁለቱ ጫፎች በሚሊ ሜትር እኩል ናቸው፣ ልጁ ሲለብሰው ግን አንገቱን ያንቀዋል።

ጥራት ተቆጣጣሪው

ጥያቄዋ ትግባ። ሸሚዝ የመመለስ ሥልጣን ግን አይሰጣት። «አይ» የተባለው ሸሚዝ ለብቻው ይቀመጥና ምክንያቱ ይጻፍ። የኮሌታው ምክንያት «አንገት አነቀ» ከሆነ፣ «ቁልፉ ተቆልፎ ሁለት ጣት ይገባል?» የሚል አሥረኛ ጥያቄ አግኝተናል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ሸሚዙ በዚህ ጥያቄ ይመለስ። ያለዚያ ጠያቂዋ ወደነበረችበት ትመለሳለች፤ አንዱ ተረካቢ ለልጁ የሚያለብሰውን ሌላው አያለብስም።

ልብስ ሰፊዋ

አሥረኛው ጥያቄ እስኪገኝ ያንን ሸሚዝ የትኛው ልጅ ይልበሰው? እኔ አላወጣውም።

ጠያቂዋ

ለጊዜው ሸሚዙን ለየብቻ አስቀምጠን ውሳኔውን ከመካከላችን ለሦስታችን እንሰጠዋለን። የጣቱን ጥያቄ ግን ዛሬውኑ ጽፌዋለሁ። እስካሁን ከሰፋናቸው ከአርባዎቹ በሰባቱ ሁለት ጣት አልገባም።

ልብስ ሰፊዋ

የሰባቱን የአንገት ልክ እዪው። ሁሉም ከአንድ ቁጥር ከሆኑ የአንገቱ ቅድ ነው የተበላሸው፣ ስፌቱ አይደለም።